«በሶ» ታትሞ ሲመጣ «በሰ» የሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «እኔና እህቴ ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ ገብስ በሶ በግማሽ ኪሎ ፕላስቲክ ከረጢት አሽገን ለሱቆች እናከፋፍላለን። ከፊት በትልቁ ያጻፍነው ‹የመንዝ በሶ› ኮምፒውተር ላይ ያምር ነበር፤ ታትሞ ሲመጣ ግን ሰው ‹በሰ› እያለ ያነበዋል። ከጀርባ ያለው ዝርዝር ተደፍኗል። ዲዛይነራችን በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ እናድርገው ይላል። ቴሌግራም ላይ ስንጽፍ ደግሞ ፊደሉ ሌላ ይሆንብናል። ጥፋቱ የፎንቱ ነው ወይስ የማተሚያ ቤቱ? የትኛውን ፎንት እንግዛ? ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ ያነሳሁትን ፎቶና የዲዛይኑን ፋይል ልኬአለሁ።»

መልስ፦ ፎንት አይግዙ። ገንዘብዎን አዲስ ለሚሠራው ሎጎና ለሙከራ ህትመት ያቆዩት። የደረሰብዎት አንድ ችግር ሳይሆን ሦስት ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። የፊቱ ጽሑፍ የተበላሸው ዲዛይኑ ላይ ነው። የጀርባው የተደፈነው ፊደሉ የፕላስቲክ ህትመት ከሚችለው በታች ስላነሰ ነው። የቴሌግራሙ ግን ጥፋትም አይደለም፣ መድኃኒትም የለውም፤ በሌላ መንገድ ነው የሚታለፈው። በየተራ ልሂድባቸው።

ከፊቱ ልጀምር። ፋይሉን ከፍቼ አይቼዋለሁ። የተጻፈው Nyala በሚባለው፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ በነበረው ፎንት ነው። ኒያላ በራሱ መጥፎ ፎንት አይደለም፤ ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ተሠርቶ የተቀመጠ ቦልድ የለውም። ጽሑፍ መጻፊያው ላይ የ«B» ቁልፍን ሲጫኑ ወፍሮ ይታያል፤ ያ ግን ፎንት ሠሪው የሣለው ቦልድ አይደለም። ፕሮግራሙ ቀጭኑን ፊደል ወስዶ ጠርዙን ዙሪያውን ስላወፈረው ነው። የእናንተ ዲዛይነር ደግሞ ስሙ ይበልጥ እንዲጎላ በዚያ ላይ የጠርዝ መስመር ጨምሮበታል፤ ከሥሩም ወደ ቀኝና ወደ ታች የወደቀ ጥቁር ቡናማ ጥላ አድርጎለታል።

ይህ በላቲን ፊደል ላይ ቢደረግ ጽሑፉ ያስጠላ ይሆናል እንጂ ንባቡ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ብዙ ጊዜ ያለው እግር ላይ ነው። ሰ ሁለት እኩል እግር አለው። ቀኝ እግሩ ሲረዝም ሳ ይሆናል። ግራው ረዝሞ ቀኙ ሲያጥር ሶ ይሆናል። በ፣ ባ፣ ቦም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በ«ሶ» ውስጥ «ኦ» የሚለውን ድምፅ የያዘው ከቀኝ እግር ሥር ያለው ባዶ ቦታ ነው። ያ ባዶ ቦታ ከተሞላ አናባቢው ጠፋ ማለት ነው።

አሁን ማስመሪያውን እንመልከት። በከረጢቱ ላይ ሶ ከላይ እስከ ታች 30 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቀኝ እግሩ ከግራው የሚያጥረው በ8 ሚሊሜትር ነው፤ በቀጭኑ ኒያላ እግሩ 4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን ልዩነቱ የእግሩን ውፍረት እጥፍ ያህላል፣ ማንም አይስተውም። የሐሰት ቦልዱና የጠርዙ መስመር በየጎኑ 2 ሚሊሜትር ሲጨምሩ እግሩ 8 ሚሊሜትር ሆነ። የሁለቱ እግሮች ልዩነት ግን አልጨመረም፤ ሁለቱም ወደ ታች እኩል ስለረዘሙ ያው 8 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ጥላው መጣ። ወደ ቀኝና ወደ ታች 4 ሚሊሜትር ወድቆ፣ ባዶ መሆን ያለበትን ቦታ ከላይም ከግራም አጠበበው። ኮምፒውተሩ ላይ ጥላው ከፊደሉ በቀለም ይለይ ነበር፤ ፕላስቲኩ ላይ ግን ሁለቱ ቡናማዎች ተቀራረቡና ዓይን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። እግሩ ከነጥላው 12 ሚሊሜትር የወፈረ ይመስላል፤ የእግሮቹ ልዩነት ግን ያው 8 ሚሊሜትር፣ ማለትም የውፍረቱ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህን ያህል ልዩነት የህትመት ጉድለት ይመስለዋል እንጂ ፊደል አይመስለውም። አእምሮው «እግሮቹ እኩል ናቸው» ብሎ ያርመዋል፤ «በሰ» የሚለው ንባብ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ ስሠራ የምጠብቀው ልክ ይህ ነው፦ በራብዕና በሳብዕ ላይ የረጅሙና የአጭሩ እግር ልዩነት ከእግሩ ውፍረት ማነስ የለበትም፤ ቢቻል አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሁን። ፊደሉ ሲወፍር እግሩ አብሮ ማጠር አለበት። በሚገባ የተሠራ ቦልድ ከሐሰተኛው የሚለየውም በዚህ ነው፤ ሠሪው ሲያወፍረው አጭሩን እግር ይበልጥ ያሳጥረዋል፣ የመ ሁለት ዓይኖች እንዳይጠቡ ፊደሉን ጥቂት ወደ ጎን ይለጥጠዋል። የሐሰት ቦልድን ለማወቅ የውጭ ማዕዘኖቹን ይዩ። የጠርዝ መስመር የተጨመረበት ፊደል ስል መሆን የነበረባቸው ማዕዘኖቹ ብዙ ጊዜ ይዶለዱማሉ፤ ቀጭን መሆን የነበረባቸው መጋጠሚያዎችም ከእግሮቹ እኩል ይወፍራሉ።

ቁም ጸሐፊዎቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል። ትልቅ ፊደል መጻፍ የፈለገ ጸሐፊ የጻፈውን ፊደል ጠርዝ ጠርዙን እየዞረ አያወፍርም፤ ሰፋ አድርጎ የተቀረጸ የመቃ ብዕር ያነሳል። እግሩ በሰፊው የብዕር አፍ ይወርዳል፣ መጋጠሚያው በቀጭኑ ይሄዳል፣ መጠኑ ሁሉ አብሮ ያድጋል። በሰሜን ሸዋ አድባራት ያሉ የብራና መጻሕፍትን አይቶ የሚያውቅ ሰው፣ ፊደሉ ምን ያህል ጥቁርና ወፍራም ሆኖም እንደማይደፈን ያስታውሳል። ውፍረቱ ሁሉ እግሩ ላይ ነው፤ ባዶው ቦታ አልተነካም።

ስለዚህ ለፊቱ የምመክረው አንድ ነው። ስሙ እንደገና ይሠራ፤ መነሻውም Noto Serif Ethiopic ይሁን። ይህ ፎንት ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ደረጃ ውፍረት አለው፤ ሁሉም በሠሪዎቹ የተዘጋጁ ናቸው። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ለንግድ ዕቃ ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ የሚከለከለው ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ Noto Sans Ethiopic ይልቅ ሰሪፉን ለስሙ የመረጥኩት ወፍራምና ቀጭን እየተፈራረቀበት ስለሚሄድ ወደ ቁም ጽሕፈቱ ስለሚቀርብ ነው፤ ለመንዝ በሶ ይስማማዋል። ቦልዱን ወስዶ ዲዛይነርዎ ወደ ቅርጽ ይለውጠው፤ በዲዛይን ፕሮግራሙ «አውትላይን» የሚባለው ማለት ነው። ከዚያ በእጁ ሁለት ነገር ብቻ ያርም። የሶን ቀኝ እግር ከግራው በፊደሉ ቁመት ሲሶ ያህል እስኪያጥር ይቁረጠው፤ 30 ሚሊሜትር ከሆነ 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። የ«መ»ን ሁለት ዓይኖች ደግሞ ጥቂት ያስፋቸው። ጥላው ይውጣ፣ የጠርዝ መስመሩም ይውጣ። ስሙ እንዲጎላ ከተፈለገ የሚያጎላው በዙሪያው ያለ ባዶ ቦታና የቀለም ልዩነት ነው፤ ነጣ ባለ የገብስ ቀለም መደብ ላይ ጥቁር ቡናማ ይበቃል።

ከሥሩ በላቲን የጻፋችሁት ስም ከአማርኛው ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሁለቱም እኩል ፖይንት ስለተሰጣቸው ነው። ፖይንት የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ፎንቱ የተሠራበት ሳጥን ቁመት ነው። ኒያላ በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ነው የተሣለው። በቁጥር ሳይሆን በዓይን ያስተካክሉት፦ የላቲኑ ትልልቅ ፊደላት ከአማርኛው ቁመት ከሁለት ሦስተኛ አይብለጡ፣ የእግራቸውም ውፍረት ከአማርኛው አይብለጥ።

ወደ ጀርባው ልለፍ። እዚህ ላይ ዲዛይነሩን ብቻ አልወቅስም፤ ፕላስቲክ ላይ ምን እንደሚሆን ያልነገረው ሰውም አለ። የከረጢት ህትመት አብዛኛውን ጊዜ ፍሌክሶ በሚባለው መንገድ ነው የሚሠራው። ማህተሙ እንደ ጎማ የለሰለሰ ስለሆነ ፕላስቲኩ ላይ ሲጫን ቀለሙ ከፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ይገፋል። ይህ የማሽኑ ጠባይ ነው፤ ጥሩ ማተሚያ ቤት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ዝርዝሩ የተጻፈው በ6 ፖይንት ነው። 6 ፖይንት 2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ፊደሉ ራሱ ከዚያ ውስጥ 1.5 ሚሊሜትር ቢይዝ ነው። አሁን «ቤት ውስጥ የተዘጋጀ» የሚለውን መስመር ይመልከቱ። ቤ ከቢ የሚለየው በእግሩ ግርጌ ባለችው ቀለበት ነው፤ ቢ እዚያው ቦታ ላይ አጭር ሰረዝ አላት። በዚህ መጠን የቀለበቷ ውስጥ ክፍተት የአንድ ሚሊሜትር ሁለት አሥረኛ ገደማ ነው። ቀለሙ ከግራም ከቀኝም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢገፋ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ቤ ቢ ሆነ፣ ሴ ሲ ሆነ፣ ሌ ሊ ሆነ። በፎቶው ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ ኃምሶቹ በሙሉ ሣልስ መስለዋል። ሐሰተኛው ቦልድ ደግሞ ቀለበቶቹን ከመታተማቸው በፊት ግማሽ በግማሽ ዘግቷቸው ነበር።

ቀለበት ከሌላው ክፍል ሁሉ ቀድሞ እንደሚሞት እኔም በራሴ ሥራ ነው የተማርኩት። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከደሴ መንገድ ዳር ለሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ማታ ከውስጡ የሚበራ ሰሌዳ ሠርቼ ነበር። ፊደሉ ግዙፍ ነው፣ ቀለም የሚገፋበት ምክንያት የለም ብዬ በጣም ወፍራሙን መረጥኩ። ቀን ላይ ጥሩ ነበር። ሲመሽ መብራቱ ከነጭ ፊደላቱ ወደ ውጭ ፈሰሰና የ«ቤት» ቀለበት በብርሃን ተሞላ፤ ከአውቶቡስ መስኮት የሚታየው «ቢት» ነበር። ባለቤቱ ሳይናገሩኝ እኔው አይቼ በራሴ ወጪ አንድ ደረጃ በሳሳው ፊደል ለወጥኩት። ቀለምም ሆነ ብርሃን፣ የሚስፋፋ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘው ትንሿን ክፍተት ነው።

ዲዛይነርዎ ያሰበው መፍትሔ፣ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ነገሩን ያብሰዋል። አሁን ቀለሙ የሚገፋው ከፊደሉ ወደ ውጭ ነው። መደቡን ጥቁር ካደረጋችሁት ከመደቡ ወደ ፊደሉ ውስጥ ይገፋል። ያኔ ቀለበቶቹ አይደፈኑም፤ እነሱን የሚሠሩት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ግን ይበላሉ፣ ፊደሉ ይቆራረጣል። ለትልቁ ስም ነጭ በጥቁር ይቻላል፤ ለዝርዝር ጽሑፍ ፕላስቲክ ላይ አያድርጉት። ሌላው ጥንቃቄ ቀለሙ ነው። በፋይሉ ላይ ያለው ቡናማ ጽሑፍ ከሦስት ቀለሞች ድርብርብ የሚወጣ ነው። ሦስቱ በትክክል ካልተነባበሩ፣ ፕላስቲክ ሲለጠጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነባበሩም፣ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ጠርዝ ያወጣል። ትንሽ ጽሑፍ ምንጊዜም በአንድ ቀለም ይታተም፤ ጥቁር ብቻ፣ ወይም ለብቻው ተበጥብጦ የመጣ አንድ ቡናማ።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለዝርዝሩ Noto Sans Ethiopic ን ከመደበኛው ውፍረት ሳያሳልፉ፣ ፕላስቲክ ላይ ከ10 ፖይንት ሳያሳንሱ ይጠቀሙ። ሰሪፉ ለዚህ አይሆንም፤ ቀጫጭን መጋጠሚያዎቹ በዚህ መጠን ይሳሳሉ። የመስመሮቹን ርቀት 15 ፖይንት ያድርጉት። ብዙ ዲዛይነሮች ፕሮግራሙ በራሱ የሚሰጠውን 12 ይተዉታል፤ እሱ ለላቲን የታሰበ ነው። የላቲን ትንንሽ ፊደላት አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ በመስመሮቹ መካከል አየር ይተዋሉ። የእኛ ፊደል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ቁመቱን ስለሚይዝ በ12 ሲደረደር አንዱ መስመር በሌላው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ጽሑፉንም ከግራ ብቻ ያሰልፉት። በቀኝም በግራም እኩል ይሁን ከተባለ፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነና በጠባብ ዓምድ ውስጥ ስለማይከፈል፣ በቃላቱ መካከል ገደል ይፈጠራል።

«በ10 ፖይንት ሁሉም አይገባም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለክቼዋለሁ፣ እውነትም አይገባም። መፍትሔው ፊደሉን ማሳነስ አይደለም። ፕላስቲኩ ላይ የማይለወጠው ብቻ ይታተም፦ ስሙ፣ ክብደቱ፣ ደብረ ብርሃን የሚለው አድራሻ። የግብዓቱ ዝርዝር፣ አዘገጃጀቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በወረቀት ስቲከር ይለጠፉ። ስቲከር በዲጂታል ማሽን ሲታተም ቀለሙ እንደ ፍሌክሶ አይገፋም፤ 8 ፖይንት በንጽሕና ይወጣል። ሌላም ጥቅም አለው። ለከረጢት አንድ ቃል ለመለወጥ ማህተሙ እንደገና መሠራት አለበት፤ ስቲከር ግን መቶም ይሁን ሁለት መቶ ሲያስፈልግ ታትሞ ይመጣል። ለቀኑ የዘመናችንን 1፣ 2፣ 3 ቁጥሮች ይጠቀሙ። ፩፣ ፪፣ ፫ ለጌጥ ያምራሉ፤ ግን ከላይና ከታች ያለው ሰረዛቸው በትንሽ መጠን ከቁጥሩ ጋር ይጣበቃል፣ ብዙ ገዢም አቀላጥፎ አያነባቸውም።

የቴሌግራሙ ነገር አጭር ነው። በመልእክት ውስጥ የሚጻፍ ጽሑፍ የእናንተን ፎንት ይዞ አይሄድም። የሚሄደው የፊደሉ መለያ ቁጥር ነው፤ መልኩን የሚሰጠው የተቀባዩ ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በራሱ የኖቶ ፊደል ያሳያል፣ አይፎን በሌላ፣ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ደግሞ Ebrima በሚባለው። ይህን ማንም ዲዛይነር ሊለውጠው አይችልም፤ እለውጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን አይመኑ። ዝርዝር ጽሑፋችሁን Noto Sans Ethiopic ያድርጉ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የብዙ ደንበኞቻችሁ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ስቲከሩ ላይ ያለውና መልእክቱ ላይ የሚታየው ፊደል አንድ ቤተሰብ ይሆናል፣ ያለ ምንም ወጪ።

የተለየው መልክ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርክርክ የሚለወጥ ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። የአማርኛ ፊደል ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር በሚሰጠው ደንብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ እስካሁንም በማተሚያ ቤቶች በፍላሽ የሚዞሩ የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ያው ላቲኑ ይወጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከዲዛይኑ ፋይል የአዘገጃጀቱን ጽሑፍ ኮፒ አድርገው ወደ ስልክዎ መልእክት ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። ካልሆነ በዩኒኮድ እንደገና ይተየብ። የእናንተን ፋይል ሞክሬዋለሁ፤ የፊቱም የጀርባውም ዩኒኮድ ነው፣ በዚህ አትጨነቁ።

በምስል የምትለጥፉት ማስታወቂያ ላይ ስሙ የሎጎው ቅርጽ ራሱ ይሁን፤ እንደገና አይተየብ። በምስሉ ላይ ለሚጨመረው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ መጠኑን በስልክ ስፋት ያስቡት። 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ስልክ ላይ ሲከፈት 7 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። 20 ፒክስል ቁመት ያለው ፊደል በዚያ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የከረጢቱ ጀርባ ከገባበት ችግር ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ከ40 ፒክስል በታች አይውረዱ። ቴሌግራም ፎቶ ሲልኩ ምስሉን ስለሚጨምቀው በፊደሉ ዙሪያ ብናኝ ይፈጠራል፤ የዋጋ ዝርዝር ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት።

አዲሱ ሎጎ ተሠርቶ ሲመጣ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ፈተና ያሳልፉት። መጀመሪያ በትክክለኛ መጠኑ በተራ ፕሪንተር ያትሙትና ፎቶኮፒ ያድርጉት፤ የፎቶኮፒውን ፎቶኮፒ ደግሞ እንደገና ያንሱ። ፎቶኮፒ ማሽን ፍሌክሶ እንደሚያደርገው ትንንሽ ክፍተቶችን ይዘጋል። በሁለተኛው ቅጂ ላይ ቀለበቶቹና አጭሩ እግር ከታዩ ፕላስቲኩ ላይም የመትረፍ ዕድላቸው ጥሩ ነው። ሁለተኛው ፈተና ሰው ላይ ነው። ስሙን አያስነብቡ፤ ሁሉም ሰው በሶ መሆኑን ስለሚያውቅ ገምቶ ያነበዋል። በዚያው ፎንትና መጠን «ሶ ሰ ሳ ቦ በ ባ ቤ ቢ ሴ ሲ» ብለው ቅደም ተከተሉን አምታተው ይጻፉ፣ ሦስት ሜትር ላይ ይስቀሉትና አንድ በአንድ እንዲያነቡልዎ ለአምስት ሰዎች ይስጡ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ መነጽር የሚያደርጉ እናት ወይም አባት ይሁኑ። ሁለት ሰው በአንድ ፊደል ላይ ከተሳሳተ ያ ፊደል ወደ ዲዛይነሩ ይመለስ። ማተሚያ ቤቱንም ሙሉውን ከማተሙ በፊት በራሱ ፕላስቲክ ላይ ናሙና እንዲያወጣ በውላችሁ ላይ ጻፉ፤ በወረቀት የወጣ ናሙና ለፕላስቲኩ ማረጋገጫ አይሆናችሁም።

በእጃችሁ የቀሩትን ከረጢቶች አትጣሏቸው። የፊቱን ስም ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ አዲሱ ሎጎ ያለበት የወረቀት ስቲከር ይለጠፍባቸው፤ ከጀርባም የዝርዝሩ ስቲከር ይለጠፍ። ስቲከሩ ከአሮጌው ጽሑፍና ከጥላው በየጎኑ 5 ሚሊሜትር ይለፍ፤ አለዚያ የድሮው ጥላ ከጠርዙ ይወጣል። በሶው ዱቄት ስለሆነ ስቲከሩ የሚለጠፈው ከረጢቱ ከመሞላቱ በፊት፣ ፕላስቲኩ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ነው፤ ብናኝ ካለበት በሳምንት ውስጥ ከጫፉ መነሳት ይጀምራል።